ትሩ፣ ፎልስ ወይስ ኖት ጊቭን? የምታውቁትን ሳትጨምሩ የመመለስ ዘዴ

አንዲት ነርስ ጓደኛዬ ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው ለአይልትስ ስትዘጋጅ አብረን የልምምድ ፈተና እናርም ነበር። ምንባቡ ስለ እንቅልፍ ነው። ተመራማሪዎች ሰዎችን ለስድስት ሰዓት አስተኝተው ሲነቁ የማስታወስ ፈተና እንደሰጧቸው ይናገራል። ውጤቱን ግን አይናገርም። ጥያቄው ደግሞ «እንቅልፍ ማጣት የማስታወስ ችሎታን ይቀንሳል» ይላል። ጓደኛዬ ዓይኗን ሳታሽ «ትሩ» ብላ ጻፈች። «የት ጋ ነው ያለው?» አልኳት። «እንዴ፣ ይሄማ የታወቀ ነው!» አለችኝ።

መልሱ ኖት ጊቭን ነበር። የተናገረችው ነገር ትክክል ነው፤ ነጥቡን ግን አላገኘችም። የሚገርመው፣ ስለማታውቀው ስለ ጥንታዊ መርከቦች በወጣው ምንባብ ከዚህ የተሻለ ውጤት ነበራት። የሚያውቁት ርዕስ ሲመጣ ደስ ይላል፤ በዚህ የጥያቄ ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው እሱ ነው።

እዚህ የማሳያችሁ አንድ ነገር ነው። አንድን ዓረፍተ ነገር ይዞ፣ ከራስ ምንም ሳይጨምሩ፣ ከሦስቱ መልሶች አንዱ ላይ እንዴት እንደሚደረስ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ምሳሌዎቹን በአማርኛ ሠርቻቸዋለሁ፤ ቋንቋው ሳያደናግራችሁ አስተሳሰቡ ብቻውን ጎልቶ እንዲታያችሁ።

መጀመሪያ፣ ጥያቄው ምን እየጠየቀ ነው?

መመሪያው «ይህ ነገር እውነት ነው ወይ?» አይልም። የሚጠይቀው ዓረፍተ ነገሩ ከምንባቡ ጋር ይስማማል ወይ ብሎ ነው። ትሩ ማለት ምንባቡ ይህንኑ ይላል ማለት ነው። ፎልስ ማለት ምንባቡ ከዚህ ጋር የሚጋጭ ነገር ይላል ማለት ነው። ኖት ጊቭን ማለት ደግሞ ምንባቡ ስለዚህ ነጥብ አልተናገረም ማለት ነው። ምንባቡ ራሱ የተሳሳተ መረጃ ቢይዝ እንኳ መልሳችሁ የሚከተለው ምንባቡን ነው። ጨረቃ አረንጓዴ ናት ካለ ለዚያች ሰዓት አረንጓዴ ናት።

የስ፣ ኖ፣ ኖት ጊቭን የሚል ወንድም የሆነ ጥያቄም አለ። እሱ የጸሐፊውን አቋም ነው የሚጠይቀው፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ብቻ ቃላቱን እንዳትቀላቅሉ። ፎልስ በሚጻፍበት ቦታ ኖ ብላችሁ ከጻፋችሁ የሠራችሁትን ጥያቄ በገዛ እጃችሁ ጣላችሁት ማለት ነው።

የውጭ እውቀት በየት ይገባል?

ብዙ ሰው የውጭ እውቀት ሲባል ከትምህርት ቤት የቀረ መረጃ ብቻ ይመስለዋል። እሱ ቀላሉ ነው፤ ሲመጣም ይታወቃል። አስቸጋሪው ሳናውቀው ክፍተት የምንሞላበት ልማዳችን ነው። ይህን አንብቡ፦

«ፋብሪካው በ1950 ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት ብዙ ቤተሰቦች መንደሩን ለቀው ሄዱ።»

ጥያቄው፦ «ቤተሰቦቹ መንደሩን የለቀቁት ፋብሪካው በመዘጋቱ ነው።»

ትሩ ማለት ያምራችኋል። ሥራ ከሌለ ሰው ይሄዳል አይደል? ምንባቡ ግን ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀመጠ እንጂ አላገናኛቸውም። ጎርፍ መጥቶ ሊሆን ይችላል። መንገድ ሊሠራበት ተነስተውም ይሆናል። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ድልድዩን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ኖት ጊቭን። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «በዚህም የተነሳ» ብሎ ቢጀምር ግን ወዲያው ትሩ ይሆን ነበር።

ይህን ድልድይ ስትሠሩ ራሳችሁን የምትይዙበት ዘዴ አለ። መልሳችሁን ለራሳችሁ በአማርኛ አስረዱት። ስታስረዱ «ያው…»፣ «መቼም…» ወይም «ሳይሆን አይቀርም» ካላችሁ የራሳችሁን ጨምራችኋል። «ያው ሥራ ሲጠፋ ሰው ይሰደዳል።» «መቼም ትልቅ ግንባታ ውድ ነው።» እነዚህ ቃላት የሚመጡት ምንባቡ ዝም ባለበት ቦታ ነው።

በሌላ በኩል፣ አእምሯችሁን ሙሉ በሙሉ ዝጉት ማለቴም አይደለም። የቃላትን ትርጉም የምታመጡት ከውጭ ነው፤ ይህ ይፈቀዳል። ሒሳብ ማስላትም ይፈቀዳል። ምንባቡ «በ1900 ተወልዶ በ1950 ሞተ» ካለና ጥያቄው «ስልሳ ዓመት አልሞላውም» ካለ ትሩ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ምንባቡ ትክክል ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ የግድ ትክክል ይሆናል? ወይስ ትክክል የመሆን ዕድሉ ብቻ ነው ሰፊ የሆነው? የግድ ከሆነ ሂዱበት። ዕድል ከሆነ ተዉት።

አሠራሩ

ዓረፍተ ነገሩን እንደ ጥያቄ ቀይሩት። «ግንባታው የዘገየው በገንዘብ እጥረት ነው» የሚል ካገኛችሁ «ግንባታው ለምን ዘገየ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ወደ ምንባቡ ሂዱ። ምንባቡ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው? ያው መልስ ከሆነ ትሩ። ሌላ መልስ ከሆነ ፎልስ። መልስ ከሌለው ኖት ጊቭን። ይህች ለውጥ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ሥራችሁን «ይሄ ነገር ልክ ነው?» ከሚለው አውጥታ «ምንባቡ ምን አለ?» ወደሚለው ታመጣዋለች።

ጥያቄ ስትሠሩ የዓረፍተ ነገሩን ማጠፊያ ፈልጉ። ማጠፊያ የምለው መልሱ የሚዞርባትን ቃል ነው። አንዳንዴ «ሁሉም» ወይም «ብቻ» ትሆናለች። አንዳንዴ «ከእሱ በፊት»፣ «የበለጠ»፣ «ዋናው ምክንያት»። ከቃሏ ሥር አስምሩባት። የሰው ስም፣ ቦታና ዓመተ ምሕረት ቦታውን ለማግኘት ይረዳሉ፤ መልሱን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ ማጠፊያዋ ናት።

ቀጥሎ ቦታውን ፈልጉ። እነዚህ ጥያቄዎች የምንባቡን ቅደም ተከተል ይከተላሉ። የሦስተኛው ጥያቄ ቦታ ከሁለተኛው በኋላ፣ ከአራተኛው በፊት ነው። ይህ ለኖት ጊቭን ትልቅ እርዳታ ነው። የሌለን ነገር ፍለጋ ሦስት ገጽ ከማሰስ ይልቅ ከላይና ከታች ያሉትን ጥያቄዎች ቦታ አግኙና መካከሉን ብቻ በጥንቃቄ አንብቡ። እዚያ ከሌለ የለም። ለ40 ጥያቄ 60 ደቂቃ ብቻ ነው ያላችሁ፤ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ማለት ነው፣ ንባቡን ጨምሮ።

ከዚያ ጣታችሁን አሳርፉ። ቀልዴን አይደለም፣ በእውነት ጣት። ትሩ ወይም ፎልስ ካላችሁ መልሱን የሚናገሩትን ቃላት በጣት መንካት መቻል አለባችሁ። የምትነኩት ከሌለ ያ መልስ ከጭንቅላታችሁ ነው የወጣው።

የመጨረሻው ፎልስንና ኖት ጊቭንን የሚለየው ፈተና ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚሁ ጋ ነው። «ምንባቡና ዓረፍተ ነገሩ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ?» በሉ። ከቻሉ ግጭት የለም፤ ስለዚህ ፎልስ አይደለም። የግድ አንዱ ሲቆም ሌላው የሚወድቅ ከሆነ ፎልስ ነው።

እስኪ አንድ ምንባብ አብረን እንሥራ

ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ የሚያውቀውን ርዕስ ሆን ብዬ መርጫለሁ፤ የኤፍል ግንብን።

«የኤፍል ግንብ ግንባታ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1887 ተጀምሮ በማርች 1889 ተጠናቀቀ። የሠራው የጉስታቭ ኤፍል ኩባንያ ነበር። ሥራው ገና እንደተጀመረ የታወቁ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች የፓሪስን ውበት ያበላሻል ሲሉ የተቃውሞ ደብዳቤ በጋዜጣ አወጡ። ግንቡ ሲጠናቀቅ ሰው ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ በዓለም ረጅሙ ሆነ። ፈቃዱ ግን ለ20 ዓመት ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማፍረስም ሆነ ማቆየት የከተማዋ ምርጫ ነበር። ግንቡ እንዲቆይ የተደረገበት ዋናው ምክንያት ለሬዲዮ መልእክት ማስተላለፊያ ጠቃሚ ሆኖ መገኘቱ ነው።»

አሁን ስድስት ዓረፍተ ነገሮች፦

1. ግንቡን ለመሥራት ከሦስት ዓመት ያነሰ ጊዜ ወስዷል።
2. የግንቡን የመጀመሪያ ንድፍ ያወጣው ጉስታቭ ኤፍል ራሱ ነው።
3. ተቃውሞው የተነሳው ግንቡ ከተጠናቀቀ በኋላ ነው።
4. ግንቡ ዛሬ በዓለም ረጅሙ አይደለም።
5. ፓሪስ ከ20 ዓመት በኋላ ግንቡን የማፍረስ ግዴታ ነበረባት።
6. ግንቡ እንዲቆይ የተደረገው በዋናነት ጎብኚ ስለሚስብ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ከማንበባችሁ በፊት መልሳችሁን በወረቀት ጻፉ።

የመጀመሪያው ትሩ ነው። «ከሦስት ዓመት ያነሰ» የሚል ቃል በምንባቡ ውስጥ የለም። ግን ከጃንዋሪ 1887 እስከ ማርች 1889 ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ነው። ይህ ግምት አይደለም፣ ቅነሳ ነው። የግድ ነው። «ቃሉ በቀጥታ አልተጻፈም» ብሎ ኖት ጊቭን የሚል ሰው ጥንቃቄ አብዝቷል።

ሁለተኛው ላይ ቆም እንበል፤ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። ትንሽ የሚያውቅ ሰው «ስሙ ላይ አለ እኮ፣ ኤፍል ነው!» ብሎ ትሩ ይላል። የበለጠ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ፈገግ ይላል። የመጀመሪያውን ንድፍ ያወጡት በኩባንያው ውስጥ የነበሩት መሐንዲሶች ሞሪስ ኬክሊንና ኤሚል ኑጊዬ መሆናቸውን ያውቃላ። እና ፎልስ ይላል። ሁለቱም ተሳሳቱ። ምንባቡን ጠይቁት፦ «ንድፉን ያወጣው ማን ነው?» ምንባቡ የሚላችሁ ኩባንያው ሠራው ብቻ ነው። ስለ ንድፍ አንዲት ቃል የለም። ኖት ጊቭን። ልብ በሉ፣ ትክክለኛውን ታሪክ ያወቀው ሰው ካላወቀው በምንም አልተሻለም።

ሦስተኛው ፎልስ ነው። ማጠፊያዋ «በኋላ» ናት። ምንባቡ «ሥራው ገና እንደተጀመረ» ይላል። ተቃውሞው በአንድ ጊዜ መጀመሪያ ላይም ከተጠናቀቀ በኋላም ሊነሳ አይችልም። ተጋጩ።

አራተኛው እጅ የሚያስጎትት ነው። በዓለም ላይ ዛሬ ከኤፍል ግንብ የሚረዝም ሕንፃ መኖሩን የማያውቅ ሰው የለም። ግን «ግንቡ ዛሬ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር ምን ላይ ነው?» ብላችሁ ምንባቡን ብትጠይቁት የሚመልስላችሁ ስለ 1889 ነው። በተጠናቀቀበት ጊዜ ረጅሙ ነበር አለ፤ ዛሬም ነው ወይም አይደለም አላለም። ኖት ጊቭን። «ነበር ካለ አሁን አይደለም ማለቱ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። «አባቴ ወጣት እያለ ሐኪም ነበር» ብላችሁ ዛሬም ሐኪም ሊሆን ይችላል።

አምስተኛው ፎልስ። ማጠፊያዋ «ግዴታ» ናት። ምንባቡ ምርጫ ነበር ይላል። ምርጫና ግዴታ አብረው አይቆሙም። እዚህ ብዙዎች የሚስቱት «20 ዓመት» እና «ማፍረስ» የሚሉትን ቃላት ሁለቱም ቦታ ስለሚያዩአቸው ነው። ተመሳሳይ ቃል ማየት ቦታውን አገኛችሁ ማለት ነው እንጂ መልሱ ትሩ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም ቃላቱ ሲበዙ እኔ እጠራጠራለሁ።

ስድስተኛውም ፎልስ ነው፤ ግን ለምን እንደሆነ በትክክል እንየው። ምንባቡ ስለ ጎብኚ ምንም አላለም። ታዲያ ኖት ጊቭን ለምን አልሆነም? ጥያቄው «ዋናው ምክንያት ምንድን ነው?» ነው፤ ምንባቡም መልስ አለው፦ ሬዲዮ። ዋና ምክንያት አንድ ነው። አንዱ ቦታውን ከያዘ ሌላው አይገባም። አሁን «በዋናነት» የሚለውን አውጡና ዓረፍተ ነገሩን «ጎብኚ መሳቡም ለመቆየቱ አንድ ምክንያት ሆኗል» አድርጉት። ወዲያው ኖት ጊቭን ይሆናል፤ ሬዲዮም ጎብኚም አብረው ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉና። መልሱን የቀየረችው «በዋናነት» የምትለዋ ቃል መውጣቷ ነው።

መንገድ ላይ የሚያጋጥሙ እንቅፋቶች

ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ነገር ሲይዝ ሁለቱንም ለየብቻ ፈትሹ። «ግንቡ በ1889 ተጠናቀቀ፤ ከታቀደው በላይ ገንዘብም ፈጀ» ቢል የመጀመሪያው ግማሽ አለ፣ ሁለተኛው የለም። ሙሉው ኖት ጊቭን ይሆናል። አንዱ ግማሽ ከምንባቡ ጋር ከተጋጨ ግን ሙሉው ፎልስ ነው፤ የሌላው ግማሽ ሁኔታ ምንም አይለውጠውም።

ንጽጽርም ይሸውዳል። ምንባቡ «አዲሱ ሞተር ነዳጅ ይቆጥባል» ካለና ጥያቄው «አዲሱ ሞተር ከቀድሞው ያነሰ ድምፅ አለው» ካለ፣ ሁለቱም ስለ አዲሱ ሞተር ስለሚያወሩ ብቻ የተገናኙ ይመስላሉ። ስለ ድምፅ የተባለ ነገር ግን የለም። ቁጥር ነክ ቃላት ላይም ዓይናችሁን ክፈቱ። «አብዛኞቹ፣ ግን ሁሉም አይደሉም» የሚል ምንባብ ፊት «ሁሉም» የሚል ዓረፍተ ነገር ፎልስ ነው።

ሌላው ይህንን ትምህርት ከተማሩ በኋላ የሚመጣ በሽታ ነው። ሰው ይፈራና ሁሉንም ኖት ጊቭን ማለት ይጀምራል። እኔም አንድ ሰሞን ይዞኝ ነበር፤ ከስድስት አምስቱን ኖት ጊቭን ብዬ ሦስቱን ስቻለሁ። ምልክቱ ይህ ነው፦ ምንባቡ ውስጥ የነበረው በሌላ ቃል የተነገረ ነገር ስለሆነ አላወቃችሁትም። «በየዓመቱ» ያለውን «በየአሥራ ሁለት ወሩ» ብሎ ሲያመጣው ያልፋችኋል። ኖት ጊቭን ከማለታችሁ በፊት «ይህ ሐሳብ በሌላ ቃል ቢነገር እንዴት ይነገር ነበር?» ብላችሁ አንዴ ብቻ ሂዱበት። አንዴ ብቻ ነው ያልኩት፤ ሁለተኛ ዙር ከሄዳችሁ የሌለ ነገር መፍጠር ትጀምራላችሁ።

ስህተታችሁን እንዴት ታርማላችሁ

ልምምድ ሠርታችሁ ቁጥር ብቻ ቆጥራችሁ አትዝጉት። የተሳሳታችሁት እያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ ከሦስት ቃላት አንዱን ጻፉ። «ጨመርኩ» ማለት ምንባቡ ያላለውን ነገር አምጥቻለሁ ነው። «አላየሁም» ማለት እዚያ ነበር፣ በሌላ ቃል ስለተጻፈ አለፈኝ ነው። «ማጠፊያ» ማለት ቦታውን አግኝቼ «ሁሉም» ወይም «በፊት» የምትለዋን ቃል ዘለልኳት ነው።

አራት አምስት ምንባብ ከሠራችሁ በኋላ የትኛው ቃል እንደበዛ እዩ። «ጨመርኩ» ከበዛ በጣት የመንካቱን ነገር አጥብቁ። መልሱን የሚናገሩትን ቃላት አስምራችሁ የጥያቄውን ቁጥር ከጎን ጻፉ፤ ያላሰመራችሁበትን ትሩም ሆነ ፎልስ አትበሉ። «አላየሁም» ከበዛ ችግራችሁ የቃላት እውቀት ነው፤ ያለፏችሁን አቻ ቃላት ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ በደብተር ያዙ። «ማጠፊያ» ከበዛ ደግሞ ወደ ምንባቡ ከመሄዳችሁ በፊት ማስመራችሁን ትታችኋል ማለት ነው።

ለነርሷ ጓደኛዬ የሠራላት አንድ ተጨማሪ ነገር ነበር። ምንባቡን ከመጀመሯ በፊት ጥያቄዎቹን ታነብና «ይሄን አውቀዋለሁ» የምትለው ዓረፍተ ነገር አጠገብ ትንሽ ኮከብ ታደርጋለች። ኮከቡ መልስ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ኮከብ ያለበት ጥያቄ ላይ ስትደርስ ቃሉን በጣቷ ነክታ ጮክ ብላ ሳታነብ መልስ አትጽፍም። በፈተናው ቀን ጮክ ማለት ስለማይቻል ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ሠራች።